ጎረቤት መጠባበቂያ አይደለም

«ጎረቤቶቹን መጠባበቂያው ውስጥ ክተቻቸው» አለችኝ የሙሽራው እህት፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

ያለነው ፉሪ፣ የሙሽሪት አባት ግቢ ውስጥ ነበር። እኔ ሰርግ ደጋሽ ነኝ፤ ቤቴም ወጥ ቤቴም ቡራዩ ነው። የዚያን ቀን የሄድኩት ቦታውን ለማየትና የእንግዳውን ቁጥር፣ የምግቡን ዓይነት ጠይቄ ዋጋ ለማቅረብ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ድንኳን አንድ ድግስ ሊደግሱ ተስማምተዋል። ሜዳው የሙሽሪት አባት ነው፤ የሚታረዱት ሁለት በሬዎችም የእሳቸው ናቸው። የቀረውን ወጪ የሚችለው የሙሽራው ወገን ስለሆነ የምታዘው እህትየው ሆነች። አዲስ አበባ ቢሮ የምትሠራ፣ ቀልጣፋ፣ ስትናገር የማትደናቀፍ ልጅ ናት። አባትየው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ነው የሚላቸው፤ እኔም ኦቦ አልኳቸው።

እውነቱን ለመናገር ልጅቷን መጀመሪያ ወድጃት ነበር። ሁለት መቶ ሃያ ካርድ እንዳሳተሙ ስትነግረኝ «ካርዱ ላይ ከነባለቤትዎ ይላል አይደል?» አልኳት።

«ይላል። ላጤውን ነጠላ፣ ባለትዳሩን ድርብ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። አራት መቶ ሰው። ከአራት መቶው ሙስሊሞቹ ሠላሳ ናቸው።»

እንዲህ ያለ ደንበኛ ብርቅ ነው። ብዙው ሰው ካርዱን ቆጥሮ ሰው የቆጠረ ይመስለዋል፤ የሙስሊም እንግዳ ነገር ትዝ የሚለው ደግሞ ድስቱ ከተጣደ በኋላ ነው። ለእነሱ አራጁም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ ድስቱም፣ ጭልፋውም ለብቻ ነው። እኔ ሰበታ የምትኖር ወጥ ሠሪ አለችኝ፤ የራሷን ዕቃ ይዛ መጥታ የራሷን ጥግ ትይዛለች። ይህን ሳስረዳት ሳታቋርጠኝ ጻፈች።

«ሙሽራውን አጅበው የሚመጡትስ?»

«ስድሳ። ሽማግሌዎቹ ቁርጥ አድርገው ተስማምተዋል።»

«የኦቦ ጎረቤቶችስ?»

ያኔ ነው እንግዲህ መጠባበቂያው ውስጥ ክተቻቸው ያለችው። የካርድ እንግዳ በልቶ ካበቃ በኋላ፣ ከጓሮ በኩል፣ በሚጣል ሳህን። የተረፈውን ይብሉ አላለችም፤ ጨዋ ናት። ግን ያለችው ያንኑ ነው። ኦቦ መሬት መሬት ያያሉ።

ትምህርት ቤት የገባሁት ልጄ አምስተኛ ክፍል ስትደርስ ነው፤ ማታ ማታ። ለዚህ ይሆናል ወረቀት ላይ ክፉ የሆንኩት። ሌላው ሰው በልጅነቱ ስለለመደው ቃል ሲጽፍ አይሰማውም፤ እኔ ግን ዘግይቼ ስለደረስኩበት እስከ ዛሬ አንዷን ቃል ሳሰፍር እጄ ይከብደኛል። በዋጋ ማቅረቢያዬ ላይ «ወዘተ» አይገባም። «መጠባበቂያ» ብዬ ስጽፍም ምን ማለቴ እንደሆነ አውቃለሁ። ስሙን የማላውቀው ሰው ድርሻ ማለቴ ነው፤ እንግዳውን ያመጣው ሾፌር፣ ካሜራማኑና ረዳቶቹ፣ ከክፍለ ሀገር ሳይነግር የመጣ የአጎት ልጅ፣ ደግሞም የሚያርር ድስት። ከጠቅላላው ሰው አንድ አሥረኛ እይዝለታለሁ። ኦቦ በየደጃፋቸው ቆመው የጠሯቸው ሰዎች ግን ስም አላቸው።

«ጎረቤት መጠባበቂያ ውስጥ አይገባም» አልኳት።

«ለምን? ሁሉም ደጋሽ አሥር ፐርሰንት ይጨምራል። ተርፎ ከሚደፋ እነሱ ቢበሉት ምን ይልሻል?»

«ከተረፈ ነዋ።»

«ይተርፋላ!»

«ካልተረፈስ?»

«ማዘር፣ አታካብጂ።»

ለእሷ መልስ ከመስጠት ወደ ኦቦ ዞርኩ። «ኦቦ፣ ስንት ሰው ነው የጠሩት?»

«ሰው ይቆጠራል እንዴ?» አሉ ደንግጠው። «ከብት እንኳ በጣት አይቆጠርም።»

«ካርድ አልሰጧቸውም?»

«ለጎረቤት ካርድ? መንገደኛ አደረግኸን ብለው ሊጣሉኝ ነው?»

«ይኸው!» አለች እህትየው፣ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። «ቁጥር የላቸውም።»

ይቺ አነጋገር አንገበገበችኝ። ለመውጣት ስንነሳ እሷ ወደ መኪናዋ፣ እኔ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄድን። ከኦቦ ቤት አልፎ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ጠባብ ቤት ነው። ቁልፉን ወገባቸው ላይ አስረው የሚዞሩ አሮጊት አሉ። «አከም ጅርቱ?» አልኳቸው፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። እሳቸው ግን ረጅም ሰላምታ ሲመልሱልኝ ከቆዩ በኋላ፣ ያልገባኝን አይተው ሳቁና ወደ አማርኛ ተሻገሩልኝ።

«እማማ፣ አገር ምድሩ ሲሰበሰብ ስንት አግዳሚ ይወጣል?»

«ሁሉም ነዋ። አርባውም።»

«አንዱ ላይ ስንት ሰው ይቀመጣል?»

«አምስት።» አሰቡና ጨመሩ፦ «ሲፋቀሩ ስድስት።»

«ለሰርግስ?»

«ለሰርግማ ይፋቀራሉ!»

ሁለት መቶ አርባ። ሰው አልቆጠርኩም፤ እንጨት ነው የቆጠርኩት። ኦቦም በዚህ የሚከፉ አይመስለኝም። ልወጣ ስል ጥግ ላይ የተደረደረ የቆርቆሮ ሳህን አየሁ፤ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጠርዙ ሰማያዊ። «ሁለት መቶ ነው፤ አንድም አልጎደለም» አሉኝ አሮጊቷ፣ ልሰርቃቸው የመጣሁ ይመስል እያዩኝ።

በሳምንቱ እዚያው ግቢ ዋጋዬን ይዤ ቀረብኩ። የካርድ እንግዳ አራት መቶ፣ አጃቢ ስድሳ፣ ጎረቤት ሁለት መቶ አርባ፤ ድምር ሰባት መቶ። ከዚያ በታች መጠባበቂያ ሰባ። እንጀራ በሰው ሁለት ሂሳብ። አንዱ የቡፌ ጠረጴዛ ከሁለት ጎን ሲነሳበት ቶሎ ቶሎ ቢሉ መቶ ሰው በሃያ ደቂቃ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ስድስት ጠረጴዛ፣ ለሙስሊሞቹ ደግሞ ለብቻው አንድ። መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር፣ ውሃ ቢቋረጥ ሮቶ። የእድሩ አግዳሚዎች ከሚከራዩት ወንበሮች ጋር እዚያው ድንኳን ውስጥ። ከታች በኩልም «ባለ ካርዱና ጎረቤቱ በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሳህን ይበላል» ብዬ ጽፌያለሁ።

ልጅቷ አነበበች። እንደገና አነበበች።

«ሰባት መቶ ሰባ? ሰርግ ነው ሰላማዊ ሰልፍ?»

«ሰርግ ነው።»

«ይቺን የጎረቤት የምትለዋን መስመር አውጪና እንደገና ደምሪው።»

«አላወጣም።»

«ሌላ ደጋሽ አለኝ እኮ። አንድ ስልክ ነው።»

«ደውዪ።»

ስልኩ እጇ ላይ ነው፤ አልደወለችም። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ ገበያ ላይ እንኳ ዋጋ የምከራከረው በዓይኔ ነው። ያን ቀን ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል፤ ልመልሰውም አላማረኝም።

«ካላስቻለሽ መስመሩን አንቺ ሰርዢው» አልኳት። «እኔ በእጄ አልሰርዝም። ኦቦም ይዩ።»

እስክሪብቶ አወጣች። ግን ራሷ አልሰረዘችም፤ ለአባትየው አቀበለቻቸው። «ኦቦ፣ ተነጋግረን አልነበር? እሺ ብለውኝ አልነበር? ይንገሯታ።»

እሺ ማለታቸውን ያኔ ነው ያወቅሁት። የሚከፍል ሰው ፊት እሺ ብለዋል። እስክሪብቶውን ይዘው አገላበጡት። ወረቀቱን አላዩም፤ በአጥሩ ቀዳዳ ማዶ ማዶ ነው የሚያዩት፤ አንድ ጎረቤታቸው ለበሬዎቹ ገለባ ይበትናል። ለድግሱ እንዲሰቡ በየተራ የሚቀልቧቸው ጎረቤቶቹ ናቸው።

«ላኪ» አሉ በኦሮምኛ። አይሆንም ማለታቸው ነው። ከዚያ በአማርኛ፣ ድምፃቸው እየጠነከረ፦ «እናቴን አፈር ያለበሱ ሰዎች ናቸው። ዝናብ ላይ። ከጓሮ አላበላቸውም። እንዲህ ከሆነስ እናንተ ሰርጋችሁን ሆቴል አድርጉት፤ በሬዎቼን እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር እበላለሁ። ልጄንም መርቄ እሰዳለሁ።»

እስክሪብቶውን መለሱላት።

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ልጅቷ ቁጭ አለች። «በኔ ሰርግ ምግብ አልቋል» አለች በመጨረሻ፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «አለቃዬ ባዶ ሳህን ይዞ ከባዶ ትሪ ፊት ቆሞ አይቼዋለሁ። ቬሎ ለብሼ ምን ላድርግ? እስከ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ይቀልዱብኛል። ዘንድሮ የወንድሜም እንግዶች እነዚያው ናቸው። ቢያንስ አራት መቶው ይጥገብ ብዬ ነው።»

ያኔ ንዴቴ በረደልኝ፤ እምቢታዬ ግን እዚያው ነበር። «ሰባት መቶውም ይጠግባል» አልኳት። «ዓይነቱን እንቀንስ።»

ያዘዘችው ምግብ አሥራ አራት ዓይነት ነው። ቡፌ ላይ ዓይነት በበዛ ቁጥር ሰው ከሁሉም ያነሳል፣ ግማሹን ሳህኑ ላይ ይተወዋል፤ ትሪውም ድስቱም ቶሎ ባዶ የሚሆነው ለዚያ ነው። ዶሮ ወጡ ይኑር፤ ያለሱ ሰርግ ነው ብሎ የሚቀበለን የለም። ከበሬው ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ጥብስና ክትፎ። አይብና ጎመን። ሰላጣ። ስምንት።

«ላዛኛውስ?» አለች፣ በልመና ዓይነት።

«ላዛኛ ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ።

«ፓስታ ነው፤ ድርብርብ። በሥጋና በአይብ።»

ኦቦ አሰቡበት። «ይቅር» አሉ፤ ሳቋ አመለጣት። ለጌጥ ያዘዘችውን የአበባ በር ራሷ ሰረዘችው፤ የፍራፍሬውን ግንብም። የቀረው ሒሳብ ያሰቡት አካባቢ ገባ።

ከዚያ ወረቀቱን እንደገና ስታይ ፈገግ አለች፤ አሁን ተራው የእሷ ነው።

«ማዘር፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሳህን ይበላል ብለሻል። ስንት ሳህን አለሽ?»

«አምስት መቶ።»

«አምስት መቶ!» አጨበጨበች። «የቀረው በእፍኙ ይብላ?»

እልህ ይዞኝ ስጽፍ መጋዘኔን ረስቼዋለሁ። የሸክላ ሳህን ልከራይ ብል በዚያ እሑድ ቡራዩም ሰበታም ሰርግ በሰርግ ነው። የእድሩ ሳህን ትዝ አለኝ።

«ሁለት መቶ የቆርቆሮ ሳህን እድሩ ጋ አለ።»

«ለጎረቤቶቹ?»

«ለሁሉም። ሁለት ሸክላ፣ አንድ ቆርቆሮ፣ ሦስት ሸክላ፣ አንድ ቆርቆሮ እያደረግሁ እደረድረዋለሁ። የደረሰው የደረሰውን ያነሳል።»

«አለቃዬ በቆርቆሮ ሳህን?»

«ከደረሰው።»

«ሰባት መቶ ነዋ ድምሩ። ሰባ ይጎድላል።»

«አጃቢ ቀድሞ ነው የሚበላው። የእነሱ ታጥቦ ይደርሳል፤ ከጓሮ ማጠቢያ አቆማለሁ፣ በሦስት በርሜል ሙቅ ውሃ።» ከጓሮ የሚሆነው ሳህን ማጠብ ብቻ ነው ልላት ነበር፤ ተውኩት። «አንድ ዓይነት» የሚለውን በገዛ እጄ ሰርዤ «ተቀላቅሎ በተደረደረ» ብዬ ጻፍኩበት። ፈረመች። ኦቦም ፈረሙ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እሑድ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ስገባ አስተናጋጆቼ ሳህኑን በየዓይነቱ ለይተው አሳምረው ደርድረውታል። ሸክላው ከሙሽሮቹ መድረክ በኩል፣ ቆርቆሮው ከአግዳሚዎቹ በኩል። ማንም አላዘዛቸውም፤ እጃቸው ለምዶ ነው። ሁሉንም አወረድኩና ከመጀመሪያው አስደረደርኩት። «እትዬ፣ አያምርም እኮ» አለችኝ አንዷ። «አያምርም፤ ቀጥዪ» አልኳት።

አጃቢው መጣ። ጥሩንባውን ከሩቅ ሰምቼ ጥብሱን አስጣድኩ። አንደኛው አውቶቡስ ገባ፤ ሁለተኛው ገባ፤ ስድሳው ሰው ይኸው ነው ስል ሦስተኛው ገባ፤ ከኋላው ደግሞ ሚኒባስ። እየዘፈኑ ወረዱ፣ እየዘፈኑ በሉ። ከመቶ አሥር አያንሱም። ሽማግሌዎቹ ቁርጥ አድርገው የተስማሙት ስድሳ ይኸው ነው።

እህትየው ቀሚሷን ሰብስባ ወጥ ቤት ድረስ ሮጣ መጣች። ሊፕስቲኳ ካልሆነ ፊቷ ላይ ቀለም የለም። «ወንድሜ የሠፈሩን ልጅ በሙሉ ጭኖ መጥቷል! አለቀ? ማዘር፣ አለቀ?»

«አላለቀም። መጠባበቂያ አለ።»

«ስንት ቀረው?»

«ሃያ።»

ያቺ ሃያም ሾፌሮቹና የሙዚቃ ሰዎቹ ሲበሉ አለቀች። እኩለ ቀን ላይ የካርድ እንግዳና የኦቦ ጎረቤት አብሮ ሲገባ፣ መጠባበቂያ የሚባል ነገር ከድስቶቼ ውስጥ አልነበረም። የቀረው የየራሳቸው ድርሻ ነው። ልጅቷ ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ተጣብቃ ሰልፉን ታያለች፤ ከረባት ያሠረው፣ ጋቢ የለበሰው፣ ታኮ ጫማዋ ሣሩ ውስጥ የሚሰምጥባት፣ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ። ወደ ጓሮ የሚሄድ ሰው የለም። ጎረቤቶቹ መጠባበቂያው ውስጥ ቢከተቱ ኖሮ ከጓሮ ለሁለት መቶ አርባ ሰው የሚሰጥ ነገር እንደማይኖር ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅም አልነበረም።

አለቃዋን ያወቅሁት ቆርቆሮ ሳህን ደርሶት ቆም ሲል ነው። ሳህኑን ገልብጦ ታቹን አየው። ከኋላው የእድሩ ባለቁልፍ አሮጊት፣ ነጭ ሸክላ ይዘው ቆመዋል።

«ምን ትገለብጠዋለህ፣ ልጄ? ንጹሕ ነው።»

«አይ፣ እማማ፣ እንዲያው…»

«በደንብ ያዘው። ጠርዙ ከተላጠ እድሩ ያስቀጣሃል።»

ሰልፉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀና ክትፎ ጨለፈበት።

አመሻሽ ላይ ሙሽሮቹ ሄደው፣ ድስት እየታጠበ ሳለ ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«መጠባበቂያውን የበላነው እኛው ነን» አለች።

«አዎ» አልኳት። ላለሳልሰው አልፈለግሁም።

ኦቦ በድንኳኑ በር መጡ። እንግዳ ሲሸኙ ውለው ድምፃቸው ተዘግቷል። «ለኔ የተረፈች ነገር አለች?» አሉ፣ እያፈሩ።

ድስቶቹን አየሁ። ታጥበው ተደፍተዋል። የድግስ ባለቤት ሁልጊዜ ከመጠባበቂያ ነው የሚበላው፤ ማንም ለእሱ መስመር አይጽፍም፤ እኔም አልጻፍኩም። ሰባት መቶ ሰው አስልቼ እሳቸውን ረሳሁ።

«ኮቱ» አሉ አሮጊቷ ከአግዳሚው ላይ፤ ና ማለት ነው። ከእንጀራቸው ለኦቦ ብለው ለብቻ አጥፈው ይዘው ነበር። ጎረቤቶቹም ወደ ዳር ተጠጉላቸው። አምስት ሆነው የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ኦቦ ስድስተኛ ሆነው ገቡ፤ አሮጊቷም ያቺን ነጭ ሸክላ ሳህን ጉልበታቸው ላይ አደረጉላቸው።

ልጅቷ ተነስታ በባዶ እግሯ ሄደች፤ ውሃ ቀዳችና እጃቸውን አስታጠበቻቸው።